የዌቢናር ሰዓት አጻጻፍ፦ አዲስ አበባም ዋሽንግተንም ቴል አቪቭም ያለው ተከታታይ በአንድ ጊዜ እንዲገባ

«ቅዳሜ ከምሽቱ 3 ሰዓት ላይ በዙም እንገናኝ» የሚል ማስታወቂያ አዲስ አበባ ለሚኖር ሰው የሚጎድለው ነገር የለም። ሲልቨር ስፕሪንግ የምትኖር እናት ግን ይህንኑ ስታነብ ትቸገራለች። ምሽቱ የማን ምሽት ነው? 3 ሰዓት የተባለው ስልኳ 3:00 ሲል ነው ወይስ 9:00 ሲል? አዘጋጁ አገር ቤት ይሁን እዚያው አሜሪካ ካላወቀች መልሱን ከማስታወቂያው ልታገኘው አትችልም። ብዙዎቹ ደግሞ አይጠይቁም፤ በገመቱት ሰዓት ገብተው ማንንም ሲያጡ ዘግተው ይወጣሉ።

አብዛኞቹ ሌሎች ሕዝቦች የሚቸገሩት በአገራት መካከል ባለው የሰዓት ልዩነት ብቻ ነው። እኛ በዚያ ላይ የራሳችን የሰዓት አቆጣጠርና የራሳችን የዘመን አቆጣጠር አለን። ስለዚህ ለሌሎች የተዘጋጀ ምክር ለእኛ ተከታታዮች ግማሽ መንገድ ብቻ ነው የሚያደርሰው። ከዚህ በታች አንድ ምሳሌ ይዘን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው እንሄዳለን፦ ውጭ አገር ለተወለዱ ልጆች ፊደል ስለማስተማር ከአዲስ አበባ የሚተላለፍ፣ በሦስት ተከታታይ ቅዳሜዎች የሚካሄድ ዌቢናር። ቀኖቹ ጥቅምት 14፣ 21 እና 28 ቀን 2019 ዓ.ም. ናቸው፤ በፈረንጆቹ ኦክቶበር 24፣ ኦክቶበር 31 እና ኖቬምበር 7 ቀን 2026። እነዚህን ሳምንታት የመረጥኳቸው ሆን ብዬ ነው፤ ከዓመቱ ሁሉ እጅግ አስቸጋሪ ከሆኑት መካከል ናቸው።

አንደኛ፦ ሰዓቱን በአንድ ከተማ ያስሩ

ከሁሉ አስቀድሞ «ይህ ዝግጅት የየትኛውን ከተማ ሰዓት ይከተላል?» የሚለው ይወሰን። በምሳሌያችን አዲስ አበባ ነው፤ ከምሽቱ 3 ሰዓት፣ ማለትም በስልክ ሰዓት 21:00። አዲስ አበባ ዓመቱን ሙሉ ከዓለም አቀፉ መነሻ ሰዓት፣ ከ UTC፣ በ3 ሰዓት ትቀድማለች፤ በበጋ ሆነ በክረምት አይለወጥም። ስለዚህ ዝግጅታችን በሦስቱም ቅዳሜ የሚጀምረው 18:00 UTC ላይ ነው። ይህችን ቁጥር በማስታወሻ ይያዟት፤ ሌላው ሂሳብ ሁሉ የሚወጣው ከእርሷ ነው።

ይህ ውሳኔ ለተከታታይ ዝግጅት የሚያስከትለው ነገር አለ። በአዲስ አበባ ካሰሩት አገር ቤት ያለው ሰው ሁልጊዜ በአንድ ሰዓት ይገባል፤ አሜሪካና አውሮፓ ያለው ግን በመካከል ሰዓቱ ይቀየርበታል። በዋሽንግተን ካሰሩት ተገላቢጦሽ ይሆናል። ሁለቱንም ማስደሰት አይቻልም። የእኔ ምርጫ ብዙው ተከታታይ ያለበት ሳይሆን አቅራቢው ያለበት ከተማ ነው፤ ተከታታይ ማስታወቂያ አንብቦ ይስተካከላል፣ አቅራቢው ከተሳሳተ ግን ዝግጅቱ ራሱ የለም።

ከተማውን ከወሰኑ በኋላ ዌቢናሩን በሚያዘጋጁበት ኮምፒውተርም ይህንኑ ያስመርጡ። በዊንዶውስ የሰዓት ቀጠናዎች ዝርዝር ውስጥ አዲስ አበባን ፈልገው አያገኟትም፤ `(UTC+03:00) Nairobi` የሚለውን ይምረጡ፣ ሰዓቱ አንድ ነው። በዙምም ዝግጅቱን ቀን ሲያስይዙ `Time Zone` የሚለውን ሣጥን ሳያዩ አይለፉ። አካውንቱን የከፈተው አሜሪካ ያለ የኮሚቴ አባል ከሆነ ሣጥኑ በእርሱ ከተማ ተሞልቶ ሊጠብቅዎ ይችላል፤ እርስዎ 21:00 ብለው የጻፉት ያን ጊዜ የዋሽንግተን 21:00 ይሆናል።

ሁለተኛ፦ ከተሞቹን ይምረጡ

አሥራ አምስት ከተማ የተደረደረበት ማስታወቂያ ማንም አያነብም። ተከታታዮችዎ የት እንዳሉ በቴሌግራም የሕዝብ አስተያየት መስጫ ወይም በመመዝገቢያ ቅጹ ላይ በአንድ ጥያቄ ይወቁና ስድስት ወይም ሰባት ከተማ ይያዙ። ለአብዛኞቹ የአማርኛ ዝግጅቶች ዋሽንግተን፣ ሎስ አንጀለስ፣ ለንደን፣ ፍራንክፈርት፣ ቴል አቪቭ፣ ሪያድ እና ዱባይ ይበቃሉ። ስቶክሆልምና ሮም ከፍራንክፈርት ጋር፣ ቶሮንቶና አትላንታ ከዋሽንግተን ጋር፣ ኩዌትና ዶሃ ከሪያድ ጋር አንድ ሰዓት ስለሆኑ ለብቻቸው መስመር አያስፈልጋቸውም።

ዱባይንና ሪያድን ግን «የገልፍ አገራት» ብለው በአንድ መስመር አይጨፍልቋቸው። ሪያድ ከአዲስ አበባ ጋር እኩል ናት፤ ዱባይና አቡ ዳቢ አንድ ሰዓት ይቀድማሉ። ይህ ስህተት በጣም የተለመደ ነው፤ ዱባይ ያለው ሰው ሲገባ ንግግሩ ተጋምሶ ይጠብቀዋል።

ሰዓቱ ለሰዎቹ የሚመች መሆኑንም እዚህ ላይ ያዩታል። የቅዳሜ ቀን ዝግጅት እስራኤል ውስጥ ሰንበት ለሚያከብሩ ቤተ እስራኤላውያን ዝግ ነው፤ የእኛ ግን ሰንበት ከወጣ በኋላ ስለሚውል ያለ ችግር ይገባሉ። ለሜልበርን ግን ምንም ማድረግ አይቻልም፤ ኦክቶበር 31 ቀን 18:00 UTC ሲሆን እዚያ እሁድ ኖቬምበር 1 ከንጋቱ 5:00 AM ነው። ለእነርሱ ቅጂው መቼ እንደሚለቀቅ መንገር ይሻላል።

ሦስተኛ፦ ሂሳቡን በዝግጅቱ ቀን ያውጡ እንጂ በዛሬ አይደለም

አብዛኛው ስህተት የሚገባው እዚህ ነው። ማስታወቂያውን የሚጽፈው ሰው ስልኩን ያወጣል፣ የዓለም ሰዓት የሚለውን ይከፍታል፣ ለንደን ከአዲስ አበባ በሁለት ሰዓት ወደኋላ መሆኗን ያያል፣ ይጽፋል። ስልኩ አልዋሸም፤ የነገረው ግን የዛሬውን ልዩነት ነው። ዝግጅቱ ከሦስት ሳምንት በኋላ ከሆነና በመካከል ለንደን ሰዓቷን ከመለሰች ልዩነቱ ሦስት ሰዓት ይሆናል።

ሰዓት የሚለዋውጡት አገሮችም በአንድ ቀን አይለዋውጡም። አውሮፓ ሰዓቱን ወደኋላ የሚመልሰው በኦክቶበር የመጨረሻው እሁድ ሲሆን እስራኤልም በዚያው ቀን ትመልሳለች፤ በ2026 ኦክቶበር 25 ነው። አሜሪካ የምትመልሰው ከሳምንት በኋላ፣ በኖቬምበር የመጀመሪያው እሁድ፣ ኖቬምበር 1 ነው። በፀደይ ሰዓታቸውን ወደፊት ሲገፉ ደግሞ አሜሪካ ትቀድማለች፤ በማርች ሁለተኛው እሁድ ትገፋለች። አውሮፓ በማርች የመጨረሻው እሁድ፣ እስራኤል ከዚያ እሁድ በፊት ባለው ዓርብ ይከተላሉ። ኢትዮጵያ፣ ሳውዲ አረቢያና ኤምሬቶች ምንጊዜም አይነኩትም። ስለዚህ በኦክቶበር መጨረሻና በማርች ውስጥ ባሉት ሳምንታት «ያው እንደተለመደው ነው» የሚል ሰው አይመኑ።

የምሳሌያችን ሦስት ቅዳሜዎች እንዲህ ይወጣሉ፦

| ከተማ | ጥቅምት 14 (ኦክቶበር 24) | ጥቅምት 21 (ኦክቶበር 31) | ጥቅምት 28 (ኖቬምበር 7) |
|---|---|---|---|
| አዲስ አበባ | ከምሽቱ 3 ሰዓት | ከምሽቱ 3 ሰዓት | ከምሽቱ 3 ሰዓት |
| ዋሽንግተን | 2:00 PM | 2:00 PM | 1:00 PM |
| ሎስ አንጀለስ | 11:00 AM | 11:00 AM | 10:00 AM |
| ለንደን | 19:00 | 18:00 | 18:00 |
| ፍራንክፈርት | 20:00 | 19:00 | 19:00 |
| ቴል አቪቭ | 21:00 | 20:00 | 20:00 |
| ሪያድ | 9:00 PM | 9:00 PM | 9:00 PM |
| ዱባይ | 10:00 PM | 10:00 PM | 10:00 PM |

ሁለተኛው ቅዳሜ አውሮፓንና እስራኤልን ያናውጣል፣ ሦስተኛው አሜሪካን። የመጀመሪያውን ሳምንት ማስታወቂያ ቀድቶ ቀኑን ብቻ የቀየረ አዘጋጅ በሁለተኛው ቅዳሜ ለለንደን፣ ለፍራንክፈርትና ለቴል አቪቭ የተሳሳተ ሰዓት ይሰጣል፤ በሦስተኛው ዋሽንግተንም ይጨመራል።

ሂሳቡን በእጅ ከማውጣት timeanddate.com ላይ ከተማና ቀን አስገብቶ ማየት ይሻላል። የከተማ ስም ያስገቡ እንጂ የቀጠና ምህጻረ ቃል አያስገቡ። `EST` የሚለው አሜሪካኖች ሰዓታቸውን ከመለሱ በኋላ ያለው የምሥራቁ ሰዓት ነው፤ ከማርች እስከ ኖቬምበር መጀመሪያ ያለው `EDT` ይባላል። ሰው ግን ዓመቱን ሙሉ `EST` ብሎ ይጽፋል። «ኦክቶበር 31፣ 2:00 PM EST» የሚለውን ቃል በቃል የወሰደ ማስያ 19:00 UTC ነው ብሎ ለአዲስ አበባ ከምሽቱ 4 ሰዓት ያወጣል፤ ሙሉ አንድ ሰዓት ዘገየ ማለት ነው። `IST` ደግሞ ለእስራኤልም ለሕንድም ለአየርላንድም ይውላል። የከተማ ስም ግን ማንንም አያሳስትም።

አራተኛ፦ ሰዓቱን አንባቢው በሚያየው መልክ ይጻፉ

ለአዲስ አበባ በእኛ አቆጣጠር፣ ለውጭ ከተሞች በስልካቸው ላይ በሚታየው ቁጥር። ይህ ሕግ ቀላል ይመስላል፤ ግን ብዙ አዘጋጆች ለአንባቢው ለማዘን ብለው የዋሽንግተኑንም «ከቀኑ 8 ሰዓት» ብለው ይጽፉታል። ዋሽንግተን 20 ዓመት የኖረ ሰው ከጓደኛው ጋር ሲያወራ ስምንት ሰዓት ይል ይሆናል፤ ስልኩ ላይ ማንቂያ ሲሞላ ግን የሚያየው 2:00 PM ነው። ማስታወቂያው ደግሞ የሚነበበው ማንቂያ ለመሙላት ነው። አሜሪካና ገልፍ ላሉት AM እና PM ያድርጉ፣ አውሮፓና እስራኤል ላሉት 19:00 የሚለውን ዓይነት።

«በኢትዮጵያ ሰዓት አቆጣጠር» የምትለዋን ሐረግ ለብቻዋ አያስቀምጧት። አንዱ ሰው «ኢትዮጵያ ውስጥ ባለው ሰዓት» ብሎ ይረዳታል፣ ሌላው «በእኔ ከተማ ሰዓት፣ ግን እንደ እኛ ከጠዋቱ 12 ተነስቶ ሲቆጠር» ብሎ። «አዲስ አበባ፣ ከምሽቱ 3 ሰዓት (21:00)» ቢሉ ሁለቱም ጥያቄ ይዘጋል። ቅንፉ ውስጥ ያለችው 21:00 ለአገር ቤት ሰው ትርፍ ትመስላለች፤ ፍራንክፈርት ሆኖ የአዲስ አበባውን መስመር ለሚያነብ ግን ማረጋገጫው እርሷ ናት።

ሰዓቱ ከእኩለ ሌሊት ካለፈ ጉዳዩ ይከብዳል። አዘጋጁ ዋሽንግተን ሆኖ ዝግጅቱን ቅዳሜ ኦክቶበር 31 በ7:00 PM ቢያደርግ አዲስ አበባ ላይ እሁድ 02:00 ይሆናል፤ በእኛ ከሌሊቱ 8 ሰዓት። «ቅዳሜ ከሌሊቱ 8 ሰዓት» ቢሉ ግማሹ ዓርብ ማታ ተኝቶ ይነሳል፣ «እሁድ ከሌሊቱ 8 ሰዓት» ቢሉ ግማሹ የሰኞን ሌሊት ይጠብቃል። አማርኛ ለዚህ የታወቀ አነጋገር አለው፦ «ቅዳሜ ለእሁድ አጥቢያ፣ ከሌሊቱ 8 ሰዓት»። ሌላ ማብራሪያ አያስፈልገውም።

ቀኑንም በሁለቱ አቆጣጠር፣ የወሩን ስም በፊደል አድርገው ይጻፉ። 10/11 ለአሜሪካ ነዋሪ ኦክቶበር 11 ነው፣ ለአውሮፓ ነዋሪ ኖቬምበር 10፤ አገር ቤት ያለው ደግሞ ሐምሌ 10 ነው ወይ ሊል ይችላል።

አምስተኛ፦ ጽሑፉ

የሁለተኛው ቅዳሜ ማስታወቂያ ሙሉውን ይህን ይመስላል፦

> ፊደል ለልጆች፦ ክፍል ሁለት
> ቅዳሜ ጥቅምት 21 ቀን 2019 ዓ.ም. (ኦክቶበር 31 ቀን 2026)
>
> አዲስ አበባ፦ ከምሽቱ 3 ሰዓት (21:00)
> ዋሽንግተን፣ ቶሮንቶ፦ 2:00 PM
> ሎስ አንጀለስ፦ 11:00 AM
> ለንደን፦ 18:00
> ፍራንክፈርት፣ ስቶክሆልም፣ ሮም፦ 19:00
> ቴል አቪቭ፦ 20:00
> ሪያድ፣ ኩዌት፣ ዶሃ፦ 9:00 PM
> ዱባይ፣ አቡ ዳቢ፦ 10:00 PM
>
> አውሮፓና እስራኤል ላላችሁ፦ ባለፈው እሁድ ሰዓታችሁ ስለተመለሰ ከክፍል አንድ በአንድ ሰዓት ቀደም ብላችሁ ትገባላችሁ።
> ከተማችሁ ካልተጠቀሰ፦ 18:00 UTC

የአዲስ አበባው ሰዓት ከሌሎቹ ጎልቶ ከላይ የተቀመጠው መነሻው እርሱ ስለሆነ ነው፤ አንዱ መስመር ቢሳሳት እንኳ አንባቢው ራሱ ሊያሰላ ይችላል። «በር የሚከፈተው ከ15 ደቂቃ በፊት ነው» የሚል ሌላ ሰዓት አልጨመርንም፤ ሁለት ሰዓት የተጻፈበት ማስታወቂያ ሲቀባበል ከሁለቱ አንዱ ብቻ ይቀራል፣ የትኛው እንደሚቀር ደግሞ አይታወቅም።

ፖስተር ካሠሩ ይህን ሁሉ ምስሉ ላይ አይጫኑት። ምስሉ ላይ ቀኑና «አዲስ አበባ፣ ከምሽቱ 3 ሰዓት (21:00)» ይበቃል፤ የከተማዋ ስም ግን እንዳይቀር። ምስል ከዋትስአፕ ወደ ዋትስአፕ ሲዘዋወር ከሥሩ የነበረው ጽሑፍ ተቆርጦ ይቀራል፤ ያን ጊዜ «ከምሽቱ 3 ሰዓት» ብቻ የሚል ፖስተር ወደ መጀመሪያው ችግር ይመልሰናል።

ስድስተኛ፦ ስልኩ ራሱ እንዲያሰላ ማድረግ

ዩቲዩብ ላይ አስቀድሞ ቀን የተያዘለት ስርጭት ለእያንዳንዱ ተመልካች በራሱ ሰዓት ይታየዋል። በቴሌግራም ቻናል አስቀድሞ የተያዘ የቀጥታ ስርጭትም ስንት ሰዓት እንደቀረው እየቆጠረ ያሳያል። timeanddate.com ላይ `Event Time Announcer` የሚባል መሣሪያ አለ፤ ከተማዎንና ቀኑን ሲሰጡት የዓለም ከተሞችን ሰዓት የሚያሳይ ማስፈንጠሪያ ይሰጥዎታል፤ ያልጠቀሷቸው ከተሞች ነዋሪዎች በእርሱ ያያሉ።

ከሁሉ የምወደው ግን የቀን መቁጠሪያ ፋይል ነው። በማንኛውም የጽሑፍ መጻፊያ ይህን ጽፈው `fidel2.ics` ብለው ያስቀምጡትና ከማስታወቂያው ጋር ያያይዙት፦

```
BEGIN:VCALENDAR
VERSION:2.0
PRODID:-//fidel//webinar//AM
BEGIN:VEVENT
UID:fidel-2-20261031@example.org
DTSTAMP:20261001T090000Z
DTSTART:20261031T180000Z
DTEND:20261031T193000Z
SUMMARY:ፊደል ለልጆች፦ ክፍል ሁለት
END:VEVENT
END:VCALENDAR
```

ቁልፉ ከሰዓቱ መጨረሻ ያለችው `Z` ናት፤ «ይህ UTC ነው» ማለቷ ነው። እርሷ ከጎደለች እያንዳንዱ ስልክ 18:00ን የራሱ ከተማ ሰዓት አድርጎ ይይዘዋል፤ ሁሉም ሰው ማስታወሻ ይደርሰዋል፣ ለሁሉም ግን በተለያየ ጊዜ። ተቀባዩ ፋይሉን ሲከፍት ዝግጅቱ በከተማው ሰዓት ቀን መቁጠሪያው ላይ ይቀመጥለታል።

ሰባተኛ፦ ከመለጠፍ በፊትና በኋላ

ከመለጠፍዎ በፊት ራስዎ እንደ ተራ ተከታታይ ተመዝግበው የሚላከውን የማረጋገጫ ኢሜይል ያንብቡ። የመመዝገቢያው ገጽ አንድ ሰዓት፣ ኢሜይሉ ሌላ ሰዓት፣ ፖስተሩ ሦስተኛ ሰዓት ሲሉ የሚታየው እዚህ ነው። ቀጥሎ የስልክዎን የሰዓት ቀጠና ለጊዜው ወደ ፍራንክፈርት ቀይረው የቀን መቁጠሪያ ፋይሉን ይክፈቱ፤ ኦክቶበር 31 ላይ 19:00 ካለ ልክ ነው። 20:00 ካለ የሆነ ቦታ የዛሬ ልዩነት ገብቶበታል፤ 18:00 ካለ `Z` ጎድላለች።

ከለጠፉ በኋላ ደግሞ ሰዎች በምን ያህል እንደሚሳሳቱ ያስተውሉ፤ የመሳሳቱ መጠን ምክንያቱን ይናገራል። ከአንድ አገር የመጡ ሰዎች በሙሉ በአንድ ሰዓት ካረፈዱ ወይም ከቀደሙ የአገሩ ሰዓት ተለውጦ ማስታወቂያው አልተለወጠም። አንዳንድ ሰው በስድስት ሰዓት ከተሳሳተ የእኛና የፈረንጁ አቆጣጠር ተቀላቅሎበታል፤ ከዚያ መስመር ላይ ቅንፉ ጎድሎ ይሆናል። በአንድ ቀን የተሳሳተ ሰው ካለ አጥቢያ የሚለው ቃል ወይም የወሩ ስም አልተጻፈም። ሰባት ወይም ስምንት ሰዓት የሚሆን ስህተት ከአሜሪካ ከመጣ ግን ጣትዎን ወደ ዙሙ `Time Zone` ሣጥን ይቀስሩ፤ በዋሽንግተንና በአዲስ አበባ መካከል ያለው ልዩነት ይኸው ነውና፣ እንደ ወቅቱ ሰባት ወይም ስምንት።

ስህተት ከተገኘ የድሮውን ማስታወቂያ ባለበት ያርሙት፣ ራስጌው ላይ «ሰዓቱ ታርሟል» ብለው ይጻፉ፣ ከዚያ አዲስ ይለጥፉ። ማጥፋት ብቻውን አይረዳም፤ ቀድሞ የተላለፈው ቅጂ በየቡድኑ መዞሩን ይቀጥላል፣ ማስተካከያውን የሚያነብበት ቦታ ደግሞ አይኖረውም።

ማስታወሻ የሚላከው አንድ ቀን ሲቀረውና አንድ ሰዓት ሲቀረው ነው። የመጨረሻው «ከአንድ ሰዓት በኋላ እንጀምራለን» የሚል ይሆናል፤ ለሁሉም ከተማ እኩል ይሠራል፣ ወዲያው ለሚያነብ ሰው። መልእክቱን ከ40 ደቂቃ በኋላ የሚከፍት ሰው ግን ገና አንድ ሰዓት ያለው ይመስለዋል። ስለዚህ ከጎኑ «አዲስ አበባ ከምሽቱ 3 ሰዓት፣ ዋሽንግተን 2:00 PM» ብለው ይጨምሩ፤ በሦስተኛው ቅዳሜ 1:00 PM ማለትን አይዘንጉ።